እግሯን ለራሷ አሳያት

«ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ አካባቢ የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። አንዲት የ22 ዓመት ወጣት ቀኝ እግሯ አልታዘዝ ብሏት አባቷና ወንድሟ ተሸክመው አመጧት። ውኃ ቀድታ ስትመለስ አዳልጧት ቁርጭምጭሚቷ ዞሮ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን እግሯ ከዳሌዋ ጀምሮ ከዳት። ስመረምራት የሁቨርን ምልክት አገኘሁ። ደብረ ብርሃን ልኬ የተነሣችው የራስ ሲቲ ስካንም ንጹሕ ሆነ። እኔም ‹ደስ ይበላችሁ፣ ምንም የለባትም፣ ጭንቀት ነው› አልኳቸው። ልጅቷ አለቀሰች። አባቷ ‹ታዲያ ልጄ አስመሳይ ናት?› ብለው ይዘዋት ወጡ፤ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ሊያስገቧት ነው ብለው ሰዎች ነግረውኛል። ከእሷ ሌላ ለዓመታት ‹ሆዴን፣ ጀርባዬን፣ ራሴን› እያሉ የሚመላለሱ እናት አሉ፤ ውጤታቸው ሁልጊዜ ደህና ነው፣ እሳቸው ግን ደህና አይደሉም። ሰው ሳላስቀይም ይህን ሕመም እንዴት ላስረዳ?»

ወንድሜ፣ ትልቁን ነገር በአንዲት መስመር አልፈኸዋል። የሁቨርን ምልክት ማግኘትህ የልጅቷን ሕመም ማግኘትህ ነው። ያገኘኸውን ግን ለራስህ አስቀረኸው፣ የነገርካቸው ያላገኘኸውን ነው። አባትና ልጅ ይዘው የወጡት «ፈለግን፣ አጣን» የሚል ወሬ ብቻ ሆነ። እግሩ አልንቀሳቀስ ያለው ሰው «ፎቶው ንጹሕ ነው» ሲባል ደስ አይለውም፤ አላመኑኝም ብሎ ነው የሚረዳው።

«ምንም የለባትም» የሚለው አነጋገር ከማስቀየሙም በፊት በሕክምናው ትክክል አይደለም። ልጅቷ ሕመም አለባት፣ ስምም አለው፤ ፈንክሽናል ኒውሮሎጂካል ዲስኦርደር ይባላል። አንጎልና ነርቭ አካላቸው ሳይጎዳ አሠራራቸው የሚታወክበት ሕመም ነው። ድሮ ይህ ስም ሌላው ሁሉ ተጣርቶ ሲያልቅ የሚለጠፍ ነበር። ዛሬ የሚሰጠው ሐኪም በእጁ ፈትሾ በሚያገኘው ምልክት ላይ ተመሥርቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር መመሪያ፣ ዲኤስኤም-5፣ ከሕመሙ በፊት ጭንቀት መኖር አለበት የሚለውን ግዴታም አንሥቶታል። ስለዚህ «ጭንቀት ነው» ስትላት የማታውቀውን ነገርካት፤ የምታውቀውን ደግሞ ዝም አልክ።

ምልክቱን አንድ ጊዜ በዝርዝር ልሂድበት፤ ለማስረዳት የምትጠቀምበት ይኸው ስለሆነ። ቻርልስ ፍራንክሊን ሁቨር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው እ.ኤ.አ. በ1908 የጻፈው። ልጅቷ በጀርባዋ ትተኛለች፤ እጅህን ከቀኝ ተረከዟ ሥር ታደርጋለህ። «ተረከዝሽን ወደ አልጋው ተጫኚ» ስትላት እግሯ አይጫንም ወይም ጥቂት ብቻ ይጫናል። ከዚያ ሌላውን እጅህን በደህናው ግራ ጭኗ ላይ አድርገህ «አሁን ቀኙን እርሺው፣ ግራ እግርሽን ወደ ላይ አንሺ፣ እኔ እከለክልሻለሁ» ትላታለህ። ግራውን ለማንሣት ስትታገል ቀኙ ተረከዝ ሳታዝዘው እጅህን ወደ አልጋው ይጫነዋል። ማንም ሰው አንዱን እግሩን ሲያነሣ ሌላው ሚዛን ለመጠበቅ በራሱ መሬቱን ይረግጣል። የእሷም ረገጠ። መንገዱ አልተበጠሰም ማለት ነው፤ ጡንቻው፣ ነርቩ፣ አከርካሪው ትእዛዝ ያደርሳሉ። የታወከው አውቃ፣ አስባ ስታዝዘው ያለው አሠራር ነው።

ግን መጀመሪያ አንተ ራስህ እርግጠኛ መሆን አለብህ። በራስህ ያልጸናህበትን ነገር አባትየው በፊትህ ያነቡታል። ሁቨር ብቻውን አይበቃም። ዳሌዋ ወይም ጀርባዋ የሚያማት ከሆነ ምልክቱ ሊያሳስት ይችላል፤ አንዱን የአካል ጎን ልብ እንዳይባል በሚያደርግ የአንጎል ጉዳትም እንዲሁ። ስለዚህ ሁለተኛ ምልክት ፈልግ። ሁለቱንም እግሮቿን ወደ ጎን እንድትከፍት እያደረግህ ከውጭ ተቃወማት፤ ቀኙን ብቻ ክፈቺ ስትላት ደክሞ ግራውን ስትከፍት ቀኙ በእጅህ ላይ ከጠነከረ ከሁቨር ጋር አንድ ነገር ነው የሚናገረው። አረማመዷንም እይ። በስትሮክ የደከመ እግር ወደ ውጭ ዞሮ ግማሽ ክብ እየሠራ ይራመዳል። በዚህ ሕመም ግን ብዙ ጊዜ እግሩ ከኋላ ይጎተታል፣ የእግሩ ፊት ከመሬት አይለቅም።

ሁቨር ተገኘ ማለት ሌላ በሽታ የለም ማለትም አይደለም፤ ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። የራስ ሲቲ ደግሞ ስለ አከርካሪዋ አንዳች አይነግርህም። የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ሪፍሌክሷን መትተህ እይ፣ የእግሯን መዳፍ ጭረህ አውራ ጣቷ ወደ ላይ ይሄድ እንደሆነ ተመልከት፣ ሽንት ያመልጣት ወይም ይታገድባት እንደሆነ ጠይቅ፣ ጀርባዋን በጣትህ እያንኳኳህ ውረድ። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ ሩቅ አይደለም። አንተ ባለህበት በጅሩ ጥቁር አፈር ደግሞ ጓያ ይዘራል፤ ባለፉት ወራት የቤቱ ዋና ምግብ ምን እንደነበር መጠየቅ አትርሳ። የጓያ ሽባነት ግን ሌላ መልክ አለው። ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ያጠነክራል፣ ሪፍሌክሱን ያፈጥናል፣ በጣት ጫፍ ያስረግጣል። የእሷ አንድ እግር ነው፣ ልል ነው፤ ሪፍሌክሷም ሁለቱም ጎን እኩል ከሆነ ሐሳብህን አሳርፍ። በምልክት ተደግፎ የተሰጠ ይህ ምርመራ በኋላ ስሕተት ሆኖ የሚገኘው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ከ1970ዎቹ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ወደ 4 በመቶ ገደማ ነው። ሐኪም ከሚሰጣቸው ሌሎች የነርቭ ምርመራዎች የባሰ አይደለም።

እንግዲህ መልሰህ አስጠራት። ጻድቃኔ ማርያም ከሄዱም በሰው ልከህ ጠይቅ፤ «ዶክተሩ ያገኘው ነገር አለ፣ ሊያሳያችሁ ይፈልጋል» የሚል መልእክት ይድረሳቸው። ሲመጡ አባትየውን ከክፍሉ አታስወጣ። ቤት ሲደርሱ የሚያስረዱት እሳቸው ናቸው፣ የተቀየሙትም እሳቸው ናቸው። ለብቻዋ የምትጠይቃት ነገር አለ፣ እሱ በኋላ ይመጣል።

ንግግሩን በሲቲው አትጀምር፤ በእግሯ ጀምር። እኔ እንዲህ ነው የምለው፦

«እህቴ፣ እግርሽ እንደማይታዘዝልሽ አምናለሁ። አውቀሽ የምታደርጊው እንዳልሆነም አውቃለሁ። አባቴ፣ ልጅዎ አላስመሰለችም። ይህ ሕመም ስም አለው፤ እኛ ሐኪሞች የምናውቀው፣ ብዙ ሰው የሚይዘው ነው። ያወቅሁት ፎቶ በማየት ሳይሆን እግሯን በመፈተሽ ነው። ከፈቀድሽ ያየሁትን አንቺም እንድታዪው እፈልጋለሁ።»

«አላስመሰለችም» የሚለው ቃል ከማሳየትህ በፊት መነገር አለበት። ቅደም ተከተሉ ዋናው ነገር ነው። ቃሉ ሳይቀድም እግሯ ሲንቀሳቀስ አባቷ ካዩ «ይኸው፣ ትችላለች!» ይላሉ፤ ያኔ ምልክቱ መክሰሻ ይሆንባታል።

ስትፈቅድ አስተኛት። አባትየው ከፈቀዱ፣ እሷም ካላፈረች፣ ከተረከዟ ሥር የሚገባው እጅ የእሳቸው ይሁን። መጀመሪያ ቀኙን ተጫኚ በላት፤ አይጫንም። «አያችሁ፣ እያሰበች ስታዝዘው እንዲህ ይደክማል። እየሞከረች ነው፣ ፊቷን እዩት።» ከዚያ ግራውን እንድታነሣ አድርግና ጠብቅ። እጃቸው ሲጫን ዝም በል፤ አባትየው ራሳቸው ይናገሩት። ከዚያ እሷን ጠይቃት፤ «ተሰማሽ? አሁን ቀኝ እግርሽ ኃይል አገኘ። አንቺ አላዘዝሽውም፣ በራሱ ነው የረገጠው።» አንድ ጊዜ ደግማችሁ ሥሩት፤ መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው ዓይኑን አያምንም።

አሁን ማብራሪያው ይገባታል፦

«እግር ሁለት ዓይነት ትእዛዝ ይቀበላል። አንዱ አስበን የምንሰጠው ነው፤ ሌላው ሳናስብ በራሱ የሚመጣው፣ ሚዛን የምንጠብቅበት ነው። በአንቺ ላይ ሁለተኛው ደህና ነው፣ አሁን አይተነዋል። የታወከው የመጀመሪያው ነው። ክራር እንበል፤ ሳጥኑ አልተሰነጠቀም፣ አውታሩ አልተበጠሰም፣ ቅኝቱ ግን ወጥቷል። እንደዚያ ያለ ክራር ቢመቱት ዜማው አይመጣም፤ አውታር መቀየርም አያድነውም፣ መልሶ መቃኘት ነው የሚፈልገው። ሲቲው ያሳየን ሳጥኑ ደህና መሆኑን ነው፤ ቅኝት በፎቶ አይታይም።»

ሲቲው የገባው በዚህ ቦታ መሆኑን ልብ በል። ሕመሙ ስም ካገኘና እግሩ ከታየ በኋላ «ፎቶው ንጹሕ ነው» የሚለው ወሬ የተነገራትን የሚያጸና ይሆናል። ያው ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ሲነገር ግን በር መዝጋት ነው።

«ታዲያ ለምን እኔን ያዘኝ?» ብትልህ ያለውን ንገራት። ብዙ ጊዜ ይህ ሕመም ቀላል ጉዳትን ተከትሎ ይመጣል። ቁርጭምጭሚቷ ዞረ፤ አመማት። ያመመውን እግር ላለመርገጥ ቀኑን ሙሉ ስለ እርምጃዋ ታስብ ነበር። ሳይታሰብ ይሠራ የነበረው ነገር በሐሳብ ሥር ወደቀ፤ ሕመሙ ሲበርድ አሠራሩ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ይህን ከራሷ ታሪክ አውጥተህ ስትነግራት የራሷ ነው፣ ታውቀዋለች። «ቤት ውስጥ የተጣላሽው ሰው አለ?» ብለህ ብትጀምር ግን ሕመሙን ከእግሯ አንሥተህ ከጠባይዋ ላይ ጣልከው።

ጭንቀትና ሐዘን አይጠየቅም ማለቴ ግን አይደለም። በሌላ ቀን፣ ለብቻዋ ሆና፣ እንቅልፏን፣ ምግቧን፣ በቤትም ሆነ በመንገድ የሚያስፈራት ሰው እንዳለ ጠይቅ። ያለፍላጎቷ ልትዳር ነው? የሞተባት አለ? የመኖር ተስፋ እስከማጣት ደርሳ ይሆን? ይህን የምትጠይቀው ለእግሯ ምክንያት ልታገኝለት አይደለም፤ ያላትን ሸክም ሁሉ ለማከም ነው። ካለ ሕመሙን ያባብሳል፣ አብሮ ይታከማል። ከሌለ የለም፤ ሰባት ጊዜ እየጠየቅህ የግድ አምጪ አትበላት።

ቃላትን በተመለከተ አንድ ጥናት ሁልጊዜ አስታውሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ነው፤ ኤድንብራ ወደሚገኝ የነርቭ ክሊኒክ የመጡ 86 አዲስ ታካሚዎች እግራችሁ ደክሞ፣ ምርመራው ሁሉ ደህና ቢሆንና ሐኪሙ እንዲህ ያለ ስም ቢሰጠው ምን ይሰማችኋል ተብለው ተጠየቁ። «ሂስቴሪያ» የሚለው ስም ሲቀርብላቸው ከሁለት ሰው አንዱ ይቀየማል። «ፈንክሽናል» የሚለው ሲቀርብ ግን አንድ ሰው እስኪቀየም ዘጠኝ ሰው ማናገር ይፈልጋል። በጣም ያስቀየመው «ሁሉም በሐሳብሽ ነው» የሚለው ነበር። እኛ ዘንድ ያለው አቻው «ጭንቀት ነው» ይመስለኛል፤ ከዚያ ቀጥሎ «ነርቭ ነው» ብሎ ዝም ማለት ነው፤ ይህኛው ባያስቀይምም ምንም አያስረዳም።

ስለ ጠበሉ። አባትየው ልጃቸውን ወደሚያምኑበት ወሰዱ እንጂ ከአንተ አልሸሹም። ከጠበል አትፎካከር። «ጠበሉንም ተጠመቂ፣ የእኔንም ልምምድ ሥሪ» በላት፤ ከዚያም ለአባትየው ሦስት ነገር አሳስብ። ለሌላ በሽታ የምትወስደው መድኃኒት ካለ እንዳታቋርጥ። ደክማ ሳለ ጾም እንዳይበረታባት፤ ይህን ከነፍስ አባቷ ጋር ይነጋገሩበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመኪናው እስከ ጠበሉ ተሸክመው እንዳያደርሷት፤ ትከሻ ተደግፋ፣ ቀስ ብላ፣ በሁለቱም እግሯ እየረገጠች ትሂድ። ለዚህ ሕመም የሚጠቅመው እርምጃው ነው። እዚያ ሳለች ድና ብትመለስም «አየህ፣ አስመስላ ነው» ብሎ የሚስቅ ነርስ በጤና ጣቢያህ እንዳይኖር። የታወከው አሠራር ወደ ቦታው ሊመለስ የሚችል ስለሆነ ነው መዳን የሚታሰበው፤ በጠበልም በልምምድም ብትድን የነበረው ሕመም እውነተኛ ነው።

ሕክምናው ማብራሪያው ባሳየው መንገድ ይሄዳል። አስባ ስታዝዘው የሚደክም እግር ሳታስበው ሲሠራ ይሻላል፤ ስለዚህ ልምምዱ ሐሳቧን ከእግሯ የሚያነሣ መሆን አለበት። ግድግዳ ይዛ ቆማ ክብደቷን ከግራ ወደ ቀኝ ታመላልስ። ወደ ኋላ ትራመድ፣ ወደ ጎን ትራመድ፤ ወደ ፊት መሄድ ያቃተው እግር በእነዚህ ብዙ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። እየዘመረች ወይም ከወንድሟ ጋር እያወራች ትሂድ። በቀን ብዙ ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት ትሥራ፤ አንድ ቀን ደክማ ሁለት ቀን እንዳትተኛ። ፊዚዮቴራፒስት ካገኘህ ላክ፤ በሪፈሩ ወረቀት ላይም «ፈንክሽናል ድክመት፣ ሁቨር አለ፣ ትኩረትን በመለወጥ የሚሠራ ልምምድ ይሰጣት» ብለህ ጻፍ። ክራንችና ተሽከርካሪ ወንበር ለመውደቅ የምትፈራ ካልሆነች በስተቀር ቶሎ አትስጥ፤ እግሩ አለመሥራትን ይለምዳል።

ሌላው ፈተና መርፌው ነው። ቤተሰብ ጉሉኮስና የቪታሚን መርፌ ይጠይቃል፣ ሐኪምም ሰውን ባዶ እጁን ላለመስደድ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንደኛ ደረጃ ጤና ተቋማት ያዘጋጀውና በአገራችንም የምንሠራበት ኤምኤች-ጋፕ መመሪያ ለእንዲህ ዓይነት ሕመም የቪታሚን መርፌ አትስጡ ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአፍህ «አካሉ አልተጎዳም» ብለህ በእጅህ መርፌ ስትወጋ ያመነችው እጅህን ነው፤ ነገ ደግሞ የሚጠነክረውን መርፌ ፍለጋ ከክሊኒክ ክሊኒክ ትዞራለች።

ማብራሪያህ መድረሱን የምታውቀው ራሷን በመነቅነቋ አይደለም፤ እኛ ጋ ሐኪም የተናገረውን በአክብሮት እሺ ማለት ልማድ ነው። «ማታ እናትሽ ምን አለ ዶክተሩ ሲሉሽ ምን ትያቸዋለሽ?» ብለህ ጠይቃት። «እግሬ አልተበላሸም፣ አሠራሩ ነው የተዛባው፣ በልምምድ ይመለሳል አለኝ» ካለች ደርሷታል። «ምንም አላገኘም» ወይም «ጭንቀት ነው አለኝ» ካለች ገና ነው፤ ሳትቆጣ እንደገና አስተኝተህ አሳያት። ካልተቀበለችም አትከራከራት። «ዛሬ ለማመን ይከብድሻል፣ ይገባኛል፤ ልምምዱን ጀምሪውና በሁለት ሳምንት እንገናኝ» ብለህ ቀጠሮ ስጣት። ስለ መዳኗም ከእውነቱ አትለፍ። ቶሎ የተገኘበት ሰው ብዙ ጊዜ ይሻለዋል፤ ሁሉም ግን ሙሉ በሙሉ አይድንም፣ ሕመሙ የሚያገረሽበትም አለ።

ለዓመታት ወደሚመላለሱት እናት ልለፍ። የእሳቸው ነገር ይለያል፤ በአልጋ ላይ አስተኝተህ የምታሳያቸው ምልክት የለም። ሶማቲክ ሲምፕተም ዲስኦርደር የሚባለው ምርመራ የቆመው ውጤታቸው ደህና በመሆኑ ላይ አይደለም። ጨጓራቸው በእርግጥ የቆሰለ፣ ጉልበታቸው በእርግጥ ያለቀ ሊሆን ይችላል፤ ያ ምርመራውን አይሽረውም። የሚጠየቀው ሕመሙ ኑሯቸውን ምን ያህል እንደያዘው ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚያስቡት እሱን ነው ወይ፣ ፍርሃቱ ከልክ አልፏል ወይ፣ ጉልበትና ገንዘባቸው በፍተሻና በመመላለስ አልቋል ወይ፣ ይህስ ከስድስት ወር በላይ ዘልቋል ወይ? ስለዚህ ክርክሩ «ሕመም አለ ወይስ የለም» ላይ አይደለም። ሕመሙ አለ፤ እሱን ከመጀመሪያው ተቀብለህ ጀምር።

«እናቴ፣ ሕመሙ እንዳለ አምናለሁ። አሁን መረዳት የምፈልገው ለምን አልለቅዎ እንዳለ ነው። አንድ ቀን ምን እንደሚመስል ይንገሩኝ፤ ሲነሡ፣ ሲያመዎ፣ ያኔ ምን ያስባሉ፣ ምን ያደርጋሉ?» ብለህ ዝም በል። ምናልባት «ሆዴ ሲነድ ጎረቤቴን የገደላት ነቀርሳ ነው ብዬ እተኛለሁ፣ ሌሊቱን ስዳብሰው አድራለሁ» ይሉሃል። ማብራሪያህን እሳቸው ሰጡህ ማለት ነው። «አዩ፣ ሆድዎ ያቃጥላል፤ ፍርሃቱ ሲመጣ ጡንቻው ይጨመደዳል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ያልተኛ ሰው ደግሞ ትንሹ ሕመም ይበዛበታል። ሲዳብሱት ያድራል፣ የተዳበሰው ቦታ ይቆስላል። ቀን ከሥራ ሲቀሩ ጉልበት ይደክማል፣ እሱም ሌላ ሕመም ይሆናል። እኔ ይህን ዙር ከአንድ ቦታ ላይ ልቁረጥልዎ እፈልጋለሁ፤ ከእንቅልፉ እንጀምር?» በላቸው። ራሳቸው ከነገሩህ ያልወጣ አንድም ነገር እንዳልጨመርክ ያያሉ።

ከዚያ በኋላ ዋናው መድኃኒት ቀጠሮ ነው። ሲብስባቸው ብቻ ይምጡ ካልካቸው ሐኪም ለማግኘት መታመም ያስፈልጋል ብለህ አስተማርካቸው። ቢሻላቸውም ባይሻላቸውም በአራት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ያው አንተ ዘንድ፣ ይምጡ። በመጡ ቁጥር ያመማቸውን ቦታ በእጅህ መርምር፤ ይህን አትዝለል። አዲስ ምርመራ የምታዝዘው አዲስ ምልክት ስታይ ነው፤ የክብደት መቀነስ፣ ደም፣ ትኩሳት፣ ስትነካው ያልነበረ እብጠት። ስታዝዝም ውጤቱ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቀድመህ ተናገር፤ «ደህና ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ፤ ደህና ከሆነም የጀመርነውን እንቀጥላለን» በላቸው፣ እንደገና ባዶ ወረቀት ይዘው እንዳይሄዱ። ድባቴ እንዳለባቸው ጠይቅ። የገጠር እናት አዝኛለሁ አትልም፤ ራሴ ፈላ፣ ልቤ ተሠነጠቀ፣ ጉልበት ከዳኝ ትላለች። ድባቴ ካለ የራሱ ሕክምና አለው፣ ለብቻው ይታከማል።

የልጅቷንም የእናትየውንም ካርድ ግን ዛሬውኑ አውጣ። «ኖ ፓቶሎጂ» ወይም «ጭንቀት» ተብሎ የተጻፈ ካለ ከሥሩ ያገኘኸውን ጻፍበት፤ የትኛው ምልክት በየትኛው ጎን እንደታየ፣ ምን እንደተብራራ፣ እሷ በራሷ ቃል ምን ብላ እንደመለሰች፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ። ሌሊት ተረኛ የሆነው ባልደረባህ ካርዱን ሲከፍት ከዚያ ይጀምር፣ እንደገና «ምንም የለብሽም» ብሎ እንዳይመልሳት። ልጅቷ ከቀጠሮዋ በፊት ሽንቷ ከታገደ፣ ሁለተኛው እግሯም ከያዛት፣ ወይም ያልነበረ የሪፍሌክስ ለውጥ ካየህ ልምምዱን አቁመህ ለአከርካሪ ምርመራ በአስቸኳይ ላካት፤ ያኔም ለምን እንደምትልካት ንገራት።